ለመምህር የተጻፈች አንዲት የስንብት መስመር ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ ስትሻገር

በዚህ እትም የምናቀርበው ጥናት ስለ አንዲት አጭር መስመር ነው። በካይሮ ከተማ ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች ለብዙ ዓመታት ዐረብኛ ያስተማሩ ግብፃዊት መምህርት ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ተማሪዎቻቸውም በአንድነት ፈርመው የሚሰጧቸው የስንብት ካርድ ተዘጋጅቷል። የካርዱ ቃል በመጀመሪያ የተጻፈው በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ይላል፦

«የተከበሩ መምህራችን፣ ከእግርዎ ሥር ቁጭ ብለን ስለ ተማርን እግዚአብሔር ይስጥልን። የዕረፍት ዘመንዎ ያማረ ይሁን።»

ይህ ለአማርኛ ጆሮ የተስተካከለ ቃል ነው፤ አክብሮቱም ፍቅሩም አለበት። መምህርቷ ግን አማርኛ አያነቡም። ካርዱንም ብቻቸውን አያነቡትም፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው፣ እንኳን ደስ ያለዎት ሊሉ የሚመጡ ጎረቤቶቻቸውም ያዩታል። ስለዚህ ዐረብኛው ልክ ካልሆነ ስሕተቱ በሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል ማለት ነው። ከዚህ ላይ መነሣት ያለበት ጥያቄ የእያንዳንዱ ቃል ትርጕም ምንድር ነው የሚለው አይደለም፤ በዐረብኛ የሚናገር ጨዋ ተማሪ በዚህ ቦታ ምን ይል ነበር የሚለው ነው። መስመሯን ከራስጌዋ እስከ ግርጌዋ እየከፈልን እንመልከት።

መጀመሪያ የምትገኘው «የተከበሩ መምህራችን» የምትለዋ ጥሪ ናት። በአማርኛ ይህ ጥሪ መምህሩ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። ዐረብኛ ግን ገና ከመጀመሪያው ቃል መለየት ግድ ይለዋል። ለወንድ «ኡስታዘና አል-ፋዲል»፣ ለሴት «ኡስታዘተና አል-ፋዲላ» ይባላል። በአገራችን «ኡስታዝ» ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው የእስልምና ሃይማኖት መምህር ነው፤ በግብፅ ግን የሒሳብም የዐረብኛም አስተማሪ ኡስታዝ ይባላልና በዚህ ሥጋት አይግባን። መዝገበ ቃላት ከፍቶ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው «ሙዐሊም» የሚለውን ቃል ይሆናል፤ እርሱም ትክክለኛ ቃል ነው። ይሁን እንጂ ከእርሱ ጋር አንድ ፊደል የሆነውንና በግብፅ የአነጋገር ቋንቋ ለቡና ቤት ባለቤትና ለሥጋ ሻጭ አለቃ የሚነገረውን «መዐሊም» ስለሚያስታውስ፣ በስም መጥሪያነት «ኡስታዝ» ይመረጣል። «ፋዲል» ደግሞ ምግባረ መልካም፣ ክቡር ማለት ሲሆን ለአስተማሪ በሚጻፍ ደብዳቤ ራስጌ ላይ የተለመደ የማክበሪያ ቃል ነው።

እዚህ ላይ በጆሮ ብቻ የሚጽፍ ሰው ሁለት ጊዜ ይሰናከላል። «ኡስታዝ» በግብፃውያን አፍ «ዝ» ተብሎ ቢሰማም የሚጻፈው ዛል በሚባለው ፊደል ነው፤ ይኸውም ነጠብጣብ ያለበት ዳል ነው እንጂ ዛይ አይደለም። «ፋዲል» ውስጥ ያለው ድምፅም ዳድ የተባለው ከባዱ ፊደል ነው እንጂ ቀላሉ ዳል አይደለም። ለዐረብኛ አስተማሪ በሚሰጥ ካርድ ላይ በመጀመሪያው ቃል የፊደል ግድፈት መገኘቱ ምን እንደሚመስል አንባቢ ራሱ ይገምተው።

ከጥሪው ቀጥሎ «እርስዎ» የሚለው አክብሮት በዐረብኛ ምን ይሆናል የሚለው ይመጣል። አማርኛ አንዱን ሰው ሲያከብር ልዩ ተውላጠ ስም አለው፤ ዐረብኛ እንዲህ ያለ ለብቻው የቆመ ቃል የለውም። በጽሑፍ ግን አንዱን ሰው እንደ ብዙ ሰው አድርጎ መጥራት የታወቀ የአክብሮት መንገድ ነው። «የአንተ» ወይም «የአንቺ» የሚለውን «ክ» በ«ኩም» መተካት ማለት ነው፤ «ኩም» በሰዋስው ሕግ «የእናንተ» ማለት ነው። በአፍ በሚነገረው የግብፅ ቋንቋ ደግሞ «ሐድረቲክ» ለሴት፣ «ሐድረታክ» ለወንድ ይባላል፤ ይህ ግን ፊት ለፊት ሲነጋገሩ የሚመች እንጂ በካርድ ላይ የሚያምር አይደለም።

«ኩም» የወንዶች ብዙ ቍጥር ነውና ለሴት መምህርት እንዴት ይጻፋል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በመደበኛ ጽሑፍ የአክብሮት «ኩም» ለሴትም ይሠራል፤ በሴቶች ብዙ ቍጥር «ኩንና» ቢተካ ግን አንባቢው ካርዱ ለብዙ ሴቶች የተጻፈ ይመስለዋል። ሆኖም ብዙ ቍጥር የሚሆነው ተውላጠ ስሙ ብቻ ነው። «አል-ፋዲላ» በነጠላነቷ ትቀራለች። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም፤ በአማርኛም «የተከበሩ» ስንል ግሱን እንደ ብዙ አድርገን «መምህር» የሚለውን ግን በነጠላ እንተዋለን እንጂ «የተከበሩ መምህሮቻችን» አንልም። ዋናው ጥንቃቄ በመካከል አለመለዋወጥ ነው። መስመሩ በ«ኩም» ተጀምሮ መጨረሻው ላይ ወደ «ክ» ቢወርድ፣ በአማርኛ «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ «አንቺ» ብሎ እንደ መጨረስ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ቦታ ደረስን፤ እርሱም «ከእግርዎ ሥር ቁጭ ብለን» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር በአገራችን ሥር አለው። በቆሎ ተማሪ ቤት ደቀ መዝሙሩ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ መምህሩ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆነው ይማር ስለ ነበር፣ በዘመናዊ ክፍል በወንበር ተቀምጦ የተማረ ሰው እንኳ እስከ ዛሬ «ከእግራቸው ሥር ተማርኩ» ይላል። ቃል በቃል ቢመለስ «ጀለስና ተሕተ ቀደመይኩም» ይሆናል። ሰዋስው አልፈረሰም፤ ማንም ዐረብኛ አንባቢ ቃላቱን ይረዳቸዋል። ነገር ግን ስለ ትምህርት የሚናገር መሆኑ አይታየውም፤ የሚታየው እግርና ከእግር በታች የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። በዐረብ አገር እግርና ጫማ በክብር ንግግር ውስጥ በጥንቃቄ የሚነሡ ነገሮች መሆናቸው ደግሞ ይጨመርበታል። በእርግጥ ስለ እናቶች ክብር የሚነገረው የታወቀ አባባል እግራቸውን ያነሣልና እግር ሁሉ ነውር ነው ማለታችን አይደለም። እግር ለእናት የተሰጠ ምሳሌ ነው፤ ለመምህር የተሰጠው ሌላ ነው ማለታችን ነው።

ለመምህር የተሰጠው የአካል ክፍል እጅ ነው። ዐረብ «ከእገሌ ተማርኩ» ሲል «ተዐለምቱ ዐላ የደይህ» ይላል፤ ቃል በቃል «በሁለቱ እጆቹ ላይ ተማርኩ» ማለት ነው። የሙዚቃም ሆነ የሰዋስው ሊቅ የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ በማን እጅ እንደ ተማረ የሚገለጸው በዚህ አነጋገር ነው። ስለዚህ የአማርኛው እግር በዐረብኛ እጅ ይሆናል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ትርጕሙ ተለወጠ ብሎ ይከራከራል፤ እኛ ግን የተለወጠው ሥዕሉ እንጂ ነገሩ አይደለም እንላለን።

ቢሆንም በዚህ ልውውጥ አንድ ነገር ይጎድላል። «ከእግርዎ ሥር» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ተሸክሟል፤ አንደኛው ከእርስዎ ከራስዎ ተማርን የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው እኛ ዝቅ ያልን ነን የሚለው ትሕትና ነው። «ዐላ የደይኩም» የመጀመሪያውን ይይዛል፤ ትሕትናው ግን ይቀራል። ይህን የሚመልስ ቃል ዐረብኛ አለው፤ እርሱም «ተሸረፍና» ነው፣ «ክብር አገኘን» ማለት። «ተሸረፍና ቢል-ተዐሉም ዐላ የደይኩም» ሲባል «በእርስዎ እጅ በመማራችን ክብር ተሰማን» ማለት ነው። እንግዲህ በአማርኛ እኛ ዝቅ ስንል እርሳቸው ከፍ ይላሉ፤ በዐረብኛ ደግሞ እኛ ክብር የተቀበልን ስንሆን እርሳቸው ክብሩን የሰጡ ይሆናሉ። መንገዱ ሁለት ሆኖ የሚደረስበት አንድ ነው።

ቀጥሎ «እግዚአብሔር ይስጥልን» የሚለው ይመጣል። ይህን «ሹክረን» ብሎ መተርጐም ይቻላል፤ ምስጋናነቱም አይካድም። ግን «ሹክረን» ሻይ ላቀረበልን ሰውም የምንለው ቃል ነው፤ በአማርኛው ውስጥ ያለው ምርቃትም አብሮት አይሄድም። ቃል በቃል ልመልስ የሚል ደግሞ «አላህ ዩዕጢኩም» ይላል፤ «እግዚአብሔር ይስጣችሁ» ማለት ነው። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ግሱ ምን እንደሚሰጥ ሳይናገር ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ በሻም አገሮችም እንዲህ ያለው ቃል ለለማኝ በባዶ እጅ ማሰናበቻ ይሆናል። በአማርኛም «እግዜር ይስጥህ» እንዲሁ ማሰናበቻ ሆኖ እንደሚነገር ስናስታውስ ነገሩ ይገባናል። «ዓፊያ» የሚለው ቃል ተጨምሮበት «ብርታት ይስጥዎ» ቢባል መልካም ሰላምታ ነው፤ ግን በሥራ ላይ ላለ ሰው የሚነገር እንጂ ሥራውን ፈጽሞ ለሚሰናበት አይደለም።

ትክክለኛው አቻ «ጀዛኩም አላህ ዐንና ኸይረ አል-ጀዛእ» የሚለው ነው። ፍቺው «እግዚአብሔር ስለ እኛ ሆኖ መልካሙን ዋጋ ይክፈልዎ» ማለት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን የአማርኛውን ቃል እንመርምር። «ይስጥልን» ከሚለው ውስጥ «ልን» የምትለዋ ፊደል እኛ ልንከፍለው ያልቻልነውን በእኛ ፈንታ እርሱ ይስጥ ማለት ናት። ዐረብኛውም «ዐንና» ሲል የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ «ዐን» ማለት ስለ፣ በ... ፈንታ ሲሆን «ና» ማለት እኛ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ቃል ያለ «ዐንና» በአጭሩ ይነገራል፤ ቢቀርም ስሕተት አይሆንም። የአማርኛውን «ልን» የሚሸከመው ግን እርሱ ብቻ ስለሆነ በዚህ ካርድ ላይ መቅረት የለበትም። ካርዱን አንድ ተማሪ ብቻውን ቢሰጥ ኖሮ «ይስጥልኝ» እንደሚል ሁሉ ዐረብኛውም «ዐንኒ» ይሆን ነበር።

ከዚህ ሐረግ ሊወድቅ የማይገባው ሌላ ቃል «ኸይር» ነው። «ጀዛእ» ዋጋ፣ ብድራት ማለት ነው፤ ብድራት ደግሞ በጎም ክፉም ይሆናል። በግብፅ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ «ጀዛእ» አገኘው ከተባለ ደመወዙ ተቀጣ ማለት ነው። የእግር ኳስ ወዳጆች ደግሞ በዐረብኛ የሚተላለፍ ጨዋታ ሲሰሙ የፍጹም ቅጣት ምቱ «ደርበቱ ጀዛእ» ሲባል ሰምተው ይሆናል። መልካምነቱን የሚያስረዳው «ኸይር» ስለሆነ እርሱ ከተዘነጋ ምርቃቱ በአየር ላይ ይቀራል።

ይህ ምርቃት በብዛት የሚሰማው ከሙስሊሞች አፍ ነው። መምህርቷ ሙስሊም ስለሆኑ ይመቻል፤ ከክርስቲያን ተማሪዎች መምጣቱም የሚያሳፍር አይደለም፤ «አላህ» የሚለውን ስም የዐረብ ክርስቲያኖችም በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ያነቡታል። መምህርቷ ኮፕቲክ ክርስቲያን ቢሆኑ ግን በቤተ ክርስቲያናቸው የሚለመደው «ረብና ይዐወድ ተዐብ መሐበትኩም» የሚለው ነበር፤ ይኸውም «ጌታችን የፍቅርዎን ድካም ዋጋ ይክፈልዎ» ማለት ነው። ለእኛ ጆሮ ይህኛው ይበልጥ የሚቀርብ ነው፤ «ድካምዎን ይቍጠርልዎ» ከሚለው ብዙ አይርቅምና። ለማን እንደሚጻፍ ሳያውቁ ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አይቻልም።

የመጨረሻው ክፍል «የዕረፍት ዘመንዎ ያማረ ይሁን» የሚለው ነው። ዕረፍት በዐረብኛ «ራሐ» ነው። መጠንቀቅ የሚገባን ግን «አረፉ» የሚለው ቃል በአማርኛ ስለ ሞተ ሰው የሚነገር የአክብሮት ቃል መሆኑን ነው፤ በዐረብኛም የዐረብ ክርስቲያኖች ለሙታን ሲጸልዩ «የዘላለም ዕረፍት» የሚሉት በዚሁ በ«ራሐ» ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ለሞትና ለሥራ ማቆም አንድ ጐረቤት ቃል ሰጥተዋቸዋል። በአማርኛ አንባቢው ከዐውዱ ስለሚረዳ ጉዳት የለውም፤ በተተረጐመ መስመር ላይ ግን ዐውዱ ይሳሳል። ስድሳ ዓመት ላለፋቸው ሴት «ያማረ ዕረፍት» ብሎ በዐረብኛ መጻፍ የልጅ ልጅ ሲያነበው የሚያስደነግጥ ይሆናል።

በዚህ ፈንታ የጡረታን ቃል ራሱን ማስገባት ይቻላል። መደበኛው «ተቃዑድ» ሲሆን ከመቀመጥ የወጣ ቃል ነው። በግብፅና በሱዳን ከዕለት ኑሮ የወጣው «መዓሽ» ይነገራል፤ የሚያስገርመው ግብፃዊ ጡረታ ሲወጣ «ጠለዐ ዐላል-መዓሽ» ማለትም ወደ ጡረታ ወጣ ሲባል፣ ሱዳናዊው «ነዘለ አል-መዓሽ» ማለትም ወደ ጡረታ ወረደ መባሉ ነው። የእኛ «ጡረታ» ደግሞ ወላጅን መጦር ከሚለው የመጣ ስለሆነ በውስጡ ልጅና ወላጅ አሉ። «ተቃዑድ ሰዒድ»፣ መልካም ጡረታ፣ የሚለው ዛሬ በካርዶች ላይ ይታያል። እኛ ግን መቀመጥን ለአስተማሪ ከመመኘት ይልቅ በሁለቱም ቋንቋ ያለውን የታወቀ ምርቃት መያዝ ይሻላል እንላለን፤ እርሱም ጤናና ረጅም ዕድሜ ነው፣ «ደዋመ አል-ሲሐ ወጡለ አል-ዑምር»። ሽማግሌ ሁሉ ሲመረቅ የሚሰማው ነውና አስተርጓሚ አያሻውም።

እንግዲህ መስመሯ በሙሉ ስትነበብ እንዲህ ናት፦

«ኡስታዘተና አል-ፋዲላ፣ ተሸረፍና ቢል-ተዐሉም ዐላ የደይኩም፣ ፈጀዛኩም አላህ ዐንና ኸይረ አል-ጀዛእ፣ ወነተመንና ለኩም ደዋመ አል-ሲሐ ወጡለ አል-ዑምር።»

ወደ አማርኛ ብትመለስ «ክብርት መምህራችን፣ በእጅዎ በመማራችን ክብር ተሰምቶናል፤ እግዚአብሔር ስለ እኛ መልካሙን ዋጋ ይክፈልዎ፤ ዘላቂ ጤናና ረጅም ዕድሜ እንመኝልዎታለን» ትላለች። «ኩም» በሦስት ቦታ መጥቶ ሳይለወጥ እንደ ዘለቀ ልብ ይሏል።

የካርዱ ርእስ ቀርቶናል። በዐረብኛ «ወዳዕ» መሰናበት ነው፤ ለመለያየት የሚነገር ስለሆነ ያሳዝናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው «ከሊመቱ ወፋእ» ነው፤ የታማኝነትና የውለታ ቃል ማለት። እጅግ ያማረ ርእስ ነው፤ ነገር ግን አንድ አደገኛ ነገር አለበት። «ወፋእ» የሚጨርሰው ሀምዛ በምትባለው ትንሽ ምልክት ነው። በእርሷ ፈንታ ታ መርቡጣ ከተጻፈ ቃሉ «ወፋት» ይሆናል፤ «ወፋት» ደግሞ ሞት ነው። በካርዱ አናት ላይ የውለታ ቃል ተብሎ ሊጻፍ የታሰበው የሞት ቃል ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። በእጅ የሚጽፍ ሰው ሀምዛዋን ክብ አስመስሎ እንዳይሥላት፣ በማተሚያ ቤት የሚያስጽፍም ከመታተሙ በፊት ይህችን አንዲት ፊደል በጣቱ እየነካ እንዲያይ እንመክራለን።

የተተረጐመው መልካም መሆኑን ለማወቅ አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። አማርኛ የማያውቅና ስለ ካርዱ ምንም ያልሰማ ዐረብኛ ተናጋሪ ይፈለግና መስመሯን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ይደረግ። ከዚያ «ማን ለማን የጻፈው ይመስልሃል?» ተብሎ ይጠየቅ። «ተማሪዎች ለአስተማሪያቸው» ካለ ደኅና ነው። «ሰውየው ሞተ እንዴ?» ካለ የዕረፍት ወይም የወፋእ ቃል ተበላሽቷል። «ስንት ሴቶች ናቸው?» ካለ ተውላጠ ስሙ ተሳስቷል። ዝም ብሎ ፈገግ ካለ ደግሞ ምን እንዳሳቀው ሳይጠይቁ አይልቀቁት።

ስለ ወረቀቱም አንድ ቃል እንጨምር። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ ካርዱ እንደ ዐረብኛ መጽሐፍ መታጠፊያው በቀኝ በኩል ሆኖ ይከፈታል። አማርኛው መስመር ከዐረብኛው በታች በግራ በኩል ተጀምሮ ቢጻፍ ሁለቱ ጽሑፎች ከየአቅጣጫቸው መጥተው መሐል ላይ ይገናኛሉ። የፈራሚዎች ስም በአማርኛ ፊደል ቢሆን መምህርቷ የትኛው የማን እንደ ሆነ አያውቁምና እያንዳንዱ ስም ከጎኑ በዐረብኛ ፊደል ይደገም፤ «ጰ» እና «ጨ» ያሉባቸው ስሞች ለዚያ ፊደል ስለማይመቹ፣ መምህርቷ በክፍል ውስጥ ስም ሲጠሩ በሚጽፉበት ሁኔታ መጻፍ ይሻላል።